ደረቅ ቼክ ሲመለስ መዝገቡ ምን ይሁን?

የግንባታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነው። ባለቤቱ የቼክ ደብተራቸውን ከመሳቢያ አወጡና፣ "አንቺ ልጅ፣ ባንክ ስንት አለን?" አሉ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ሌጀሩን አየች።

"612,400 ብር አለን ጋሼ።"

"በቃ፣ ለፌሮ አቅራቢው 400,000 እጽፍለታለሁ።"

እኔ ያን ቀን እዚያ የሄድኩት የኅዳር ወርን የባንክ ማስታረቂያ ለመሥራት ነበር። ስቴትመንቱ እጄ ላይ ነው። የኅዳር 30 ቀሪ ሂሳብ 289,750 ብር ይላል። "ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይቆዩኝ" አልኳቸው። ቼኩ ቢጻፍ ኖሮ አቅራቢው ባንክ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

ምክንያቱን ፈልገን ያገኘነው ካሸሯ መሳቢያ ውስጥ ነው። አንድ ኮንትራክተር የሰጠው የ276,000 ብር ቼክ በቂ ስንቅ የለውም ተብሎ ኅዳር 26 ቀን ተመልሷል። ካሸሯ ለኮንትራክተሩ ደውላለች። "ነገ አስገባለሁ፣ ድጋሚ ውሰጂው" ብሏታል። እሷም ቃሉን አምና ቼኩንና የባንኩን ወረቀት አብራ አስቀምጣዋለች። ለሂሳብ ክፍል ግን ማንም አልነገረም። መዝገቡ ገንዘቡ ባንክ እንዳለ ማሰቡን ቀጠለ።

የተመለሰ ቼክ ነገር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሁሉም ሰው ቼኩን የሚያየው ከደንበኛው ጋር እንዳለ ጭቅጭቅ ነው። ገንዘቡ እስኪመጣ ድረስ መዝገቡ ቢቆይ ምንም የማይሆን ይመስላል። ግን መዝገቡ ሁለት ቦታ ላይ እየዋሸ ነው። ባንክ የሌለ ገንዘብ አለ ይላል። ዕዳ ያለበትን ደንበኛ ደግሞ ከፍሎ ጨርሷል ይላል። ከዚህ በታች የምጽፈው እነዚህን ሁለቱን እንዴት እንደምናቀና ነው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት እንዲመቹ አስተካክያቸዋለሁ፤ ነገሩ ግን የሱቁ ነው።

ከሽያጩ እንጀምር

ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ኮንትራክተሩ 240,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ በዱቤ ወሰደ። 15 በመቶ ቫት 36,000 ብር ነው። ድምሩ 276,000 ብር። ያን ዕለት መዝገቡ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦

ዴቢት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ 276,000
ክሬዲት፦ ሽያጭ 240,000
ክሬዲት፦ ተከፋይ ቫት 36,000

ኅዳር 19 ቀን ቼኩ ባንክ ገባ። ሂሳብ ሠራተኛዋ የባንኩን ማስገቢያ ወረቀት ይዛ እንዲህ መዘገበች፦

ዴቢት፦ ባንክ 276,000
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ 276,000

እስከዚህ ምንም ስህተት የለም። ኮንትራክተሩ ከፍሏል ተብሎ ስሙ ላይ የነበረው ዕዳ ዜሮ ሆነ። ኅዳር 26 ቀን ግን ባንኩ ቼኩን መለሰው። አሁን ጥያቄው አንድ ነው፤ ከሁለቱ ምዝገባዎች የፈረሰው የትኛው ነው?

ሽያጩ አልፈረሰም። ዕቃው ወጥቷል፣ ደረሰኝ ተቆርጧል፣ ኮንትራክተሩም ሲሚንቶውንና ብረቱን ሳይቱ ላይ አራግፏል። የፈረሰው ክፍያው ብቻ ነው። ስለዚህ የምንመልሰው ሁለተኛውን ምዝገባ ነው። ኅዳር 26 ቀን ተብሎ፦

ዴቢት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ (የኮንትራክተሩ ስም) 276,000
ክሬዲት፦ ባንክ 276,000

ማብራሪያው ላይ የቼኩ ቁጥር፣ የመጀመሪያው ደረሰኝ ቁጥርና የተመለሰበት ምክንያት ይጻፋል። "የተመለሰ ቼክ" ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ከስድስት ወር በኋላ የትኛው ቼክ እንደነበር የሚያስታውስ አይገኝም።

ይህን ምዝገባ ሽያጩ ላይ የሚያደርጉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ዴቢት ሽያጭ፣ ክሬዲት ባንክ። "ገንዘቡ አልመጣም፣ ስለዚህ አልሸጥንም" የሚል ሐሳብ ነው። ግን በዚህ አካሄድ የወሩ ሽያጭ በ276,000 ያንሳል። ያውም ከዚያ ውስጥ 36,000ው የመንግሥት ቫት እንጂ የሱቁ ሽያጭ አልነበረም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ኮንትራክተሩ ላይ ያለው ዕዳ የትም ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። የሚጠይቀው መዝገብ ከሌለ የሚጠይቀው ሰውም ቀስ በቀስ ይጠፋል። ቫቱም ቢሆን ደረሰኙ እስካልተሰረዘ ድረስ ለወሩ ይታወጃል። ቼክ ተመለሰ ተብሎ ከቫት ማስታወቂያ ላይ የሚቀነስ ነገር የለም።

ሌሎች ደግሞ በቀጥታ የማይሰበሰብ ዕዳ ወጪ ያደርጉታል። ይህም ችኮላ ነው። ቼክ መመለሱ ገንዘቡ ጭራሽ አይገኝም ማለት አይደለም። አይሰበሰብም የሚለው ሌላ ውሳኔ ነው፤ የራሱ ማስረጃና የራሱ ምዝገባ ይፈልጋል። መጀመሪያ ዕዳው ወደ ተሰብሳቢ ይመለስ። ከዚያ ደንበኛው ምን ያህል ሊከፍል ይችላል ተብሎ ሲገመት፣ ለሚያጠራጥረው ክፍል መጠባበቂያ ይያዛል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጨፈለቁ ዕዳው ከነስሙ ይጠፋል።

የባንኩ ወረቀት "ዴቢት" ይላል፣ እኛ ግን ክሬዲት እናደርጋለን

ጀማሪዎች እዚህ ላይ ግራ ሲጋቡ ብዙ አይቻለሁ፤ ጊዜ ሰጥቼ ላስረዳ። ባንኩ ቼኩን ሲመልስ ዴቢት አድቫይስ ይሰጣል። "ሂሳብዎን 276,000 ዴቢት አድርገናል" ይላል። ሂሳብ ሠራተኛዋ ይህን አይታ የባንክ ሂሳብን ዴቢት ብታደርግ አይፈረድባትም፤ ወረቀቱ እኮ ያለው እንደዚያ ነው።

ነገር ግን ባንኩ የሚናገረው ስለራሱ መዝገብ ነው። እኛ ባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ ለእኛ ሀብት ነው፤ ለባንኩ ግን ለእኛ መመለስ ያለበት ዕዳ ነው። ዕዳ ሲቀንስ ዴቢት ይሆናል። ባንኩ "ዴቢት አደረግሁ" ሲል "ያለብኝን ዕዳ ቀነስኩ" ማለቱ ነው። እኛ ዘንድ ያው ነገር ሀብት መቀነስ ነው፤ ሀብት ሲቀንስ ደግሞ ክሬዲት።

አቅጣጫው ከተሳሳተ በቀላሉ የሚታወቅበት ምልክት አለ። ማስታረቂያው ሲሠራ የሚቀረው ልዩነት የቼኩ እጥፍ ይሆናል። በእኛ ምሳሌ 552,000 ብር ማለት ነው። መቀነስ ሲገባው ስለተጨመረ፣ ልዩነቱ አንዴ ባለመቀነሱ፣ አንዴ ደግሞ በመጨመሩ ሁለት ጊዜ ይመጣል። እኔ የማይታረቅ ልዩነት ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ ለሁለት አካፍዬ ግማሹን ስቴትመንቱ ላይ እፈልገዋለሁ። ብዙ ጊዜ አገኘዋለሁ።

ልዩነቱ ልክ 276,000 ከሆነና የእኛ መዝገብ ከበለጠ ደግሞ ምዝገባው ጭራሽ አልተደረገም ማለት ነው። የእኛው ካነሰ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ይህ የሚሆነው ካሸሯ ለሂሳብ ክፍል ስትነግር አንዴ፣ ስቴትመንቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጊዜ ሲጻፍ ነው። ምዝገባው ሁልጊዜ የባንኩን አድቫይስ ብቻ ተከትሎ ቢሠራ ይህ አይፈጠርም።

የአገልግሎት ክፍያው

ባንኩ ቼኩን ለመለሰበት ከሱቁ ሂሳብ 150 ብር ቆርጧል። ይህን ከ276,000ው ጋር ደምሮ ኮንትራክተሩ ላይ 276,150 ብሎ መጻፍ ይቀላል፤ ትክክል የሚሆነው ግን ደንበኛው እንዲህ ያለውን ክፍያ እንደሚሸፍን አስቀድሞ የተስማማ ከሆነ ነው። ስምምነት ከሌለ የሱቁ የባንክ አገልግሎት ወጪ ነው።

ዴቢት፦ የባንክ አገልግሎት ወጪ 150
ክሬዲት፦ ባንክ 150

150 ብር ትንሽ ናት። ግን ደንበኛው ላይ ከተደመረች በኋላ እሱ 276,000 ብቻ ቢከፍል፣ ስሙ ላይ ለዓመታት የማትነቀል 150 ብር ትንጠለጠላለች። በየዓመቱ ኦዲተር ይጠይቃታል። ተለይታ ብትጻፍ ይሻላል።

ማስታረቂያው ላይ

አሁን ወደዚያ ቀን እንመለስ። መዝገባችን 612,400፣ ስቴትመንቱ 289,750። ልዩነቱ 322,650 ብር። ከቼኩ ሌላ ሁለት ነገሮች ነበሩ። ኅዳር 30 ቀን ባንክ ገብቶ ገና ስቴትመንቱ ላይ ያልታየ 95,000 ብር አለ። ለአንድ አቅራቢ ተሰጥቶ ገና ያልተመነዘረ የ48,500 ብር ቼክም አለ።

የባንኩን በኩል ስናቀና፦ 289,750 ሲደመር 95,000 ሲቀነስ 48,500፣ ይሆናል 336,250።

የእኛን በኩል ስናቀና፦ 612,400 ሲቀነስ 276,000 ሲቀነስ 150፣ ይሆናል 336,250።

ተገናኙ። ትክክለኛው የባንክ ሂሳባችን 336,250 ብር ነው። ሚዛን መግለጫ ላይ የሚወጣውም ይሄው ነው።

ሁለቱ በኩሎች ልዩነት አላቸው። በባንኩ በኩል ያሉት ሁለቱ ነገሮች ጊዜ የሚፈታቸው ናቸው፤ እኛ የምንመዘግበው ነገር የለም። በእኛ በኩል ያሉት ግን ማስታረቂያው ወረቀት ላይ መጻፋቸው አይበቃም። የጆርናል ምዝገባ ይፈልጋሉ። ብዙ ቦታ ማስታረቂያው በሥርዓት ይሠራል፣ "የተመለሰ ቼክ 276,000" ተብሎ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ፋይል ይደረጋል። ጆርናሉ ግን አይሠራም። በሚቀጥለው ወር ያው መስመር ይገለበጣል። በሚቀጥለውም። ማስታረቂያው ላይ ከአንድ ወር በላይ የቆየ የተመለሰ ቼክ ካያችሁ መዝገቡ አልተቀናም ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ቼኩ በስሙ ሳይጠራ የሚደበቅበት ሁኔታ ነው። ቼኩ የሌላ ባንክ ከሆነ፣ አንዳንድ ባንክ ገንዘቡ ከዚያኛው ባንክ ሳይመጣ ሂሳባችን ውስጥ አያስገባም። እንዲህ ሲሆን ስቴትመንቱ ላይ መግባቱም መመለሱም አይታይም። ምንም የለም። የማስታረቂያ ሠራተኛው የኅዳር 19ኙን 276,000 ሲፈልግ ያጣዋል። "ገቢ ሆኖ ያልታየ" ከሚለው ሥር ይጽፈዋል፤ ልክ እንደ ኅዳር 30ው 95,000። መልካቸው አንድ ነው።

ሌላ ሱቅ ውስጥ አንድ ቼክ በዚህ መልክ አራት ወር ሲገለበጥ አይቻለሁ። ማስታረቂያው በየወሩ ይገጥማል። ሁሉም ደስተኛ ነው። እኔን የገረመኝ ቀኑ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ያለ ቼክ ለማጣራት አራት ወር አይፈጅም። ስለዚህ አሁን አንድ ደንብ አለኝ፤ ገቢ ሆኖ ያልታየ የሚባል ማንኛውም ነገር በሚቀጥለው ወር ስቴትመንት የመጀመሪያ ቀናት ውስጥ ካልታየ፣ ማስገቢያ ወረቀቱን ይዤ ባንክ እጠይቃለሁ። ተመልሶ ከሆነ ምዝገባው ከላይ ካየነው ጋር አንድ ነው። ስቴትመንቱ ላይ ሁለቱም ቢታዩ፣ አንዱም ባይታይ፣ የእኛ መዝገብ ባንክን ዴቢት አድርጎ ስለነበር መመለስ አለበት።

ጋሼም 336,250 የሚለውን ሲሰሙ፣ "እንግዲያው 300,000 ልጻፍለት" አሉ። እኔ 95,000ው በጥሬ ገንዘብ ይሁን በቼክ ጠየቅኩ። በቼክ ነበር። ያልተጣራ ቼክ ላይ ተማምኖ ቼክ መጻፍ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። እሱን ስንተወው በእጃቸው ያለው 241,250 ብቻ ነው። 200,000 ጽፈው ቀሪውን ለሳምንት አስተላለፉ። በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ መስጠት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል። ከደንበኛ ደረቅ ቼክ የተቀበለ ነጋዴ፣ መዝገቡ ስላልተቀና ብቻ ራሱ ደረቅ ቼክ ሰጪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ነው ጉዳዩን ከደንበኛው ጋር እስክንጨርስ አንጠብቅ የምለው።

የደንበኛው ሌጀር

የባንኩ በኩል ተስተካክሎ ተሰብሳቢው ግማሽ መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። በተለይ ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ቦታዎች ይህን ልብ ይበሉ። ምዝገባውን `General Journal Entry` ላይ ከሠራችሁት ጠቅላላው የተሰብሳቢ ሂሳብ በ276,000 ይጨምራል። የኮንትራክተሩ የራሱ ሌጀር ግን አይነካም። `Aged Receivables` ስታወጡ ስሙ አጠገብ ዜሮ ነው። የደንበኞች ዝርዝር ድምርና ጠቅላላ ሌጀሩ በትክክል በ276,000 ይለያያሉ። ዕዳ የሚሰበስበው ሰው ደግሞ የሚያየው ዝርዝሩን እንጂ ጠቅላላ ሌጀሩን አይደለም። ስለዚህ ኮንትራክተሩን የሚጠይቀው የለም።

መፍትሔው በ`Sales/Invoicing` በኩል በኮንትራክተሩ ስም ማስገባት ነው። የ`GL Account` ቦታ ላይ የሽያጭ ሂሳብ ሳይሆን የባንኩ ሂሳብ ይመረጣል። ቫት አይጨመርበትም። መጠኑ 276,000። እንዲህ ሲሆን የደንበኛው ዕዳ ይጨምራል፣ ባንኩ ይቀንሳል፣ ሽያጭና ቫት አይነኩም። ሂሳቡን አንድ ሰከንድ ሳያዩ ማለፍ ግን አደገኛ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ሞልቶ የሚያመጣው ሂሳብ የሽያጭ ስለሚሆን፣ ካልተቀየረ ሽያጩ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል።

ቀኑም ነገር አለው። የምዝገባው ቀን ቼኩ የተመለሰበት ኅዳር 26 ነው። ዕዳው የተወለደው ግን ኅዳር 5 ነው። የመክፈያ ቀኑን እንደ አዲስ ካስቆጠርነው አሮጌ ዕዳ ወጣት ይመስላል። ሦስት ጊዜ ቼክ ያስመለሰ ደንበኛ በየጊዜው እድሜው እየታደሰ ዝርዝሩ ላይ ጥሩ ከፋይ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የመጀመሪያው የመክፈያ ቀን ይቀመጥ፣ ማጣቀሻው ላይ የመጀመሪያው ደረሰኝ ቁጥር ይግባ።

የድሮውን የገንዘብ መቀበያ ምዝገባ ሰርዞ መገላገልስ? ሲያዩት ቀላል ነው። ሰርዙት ማለት ግን ቼኩ ጭራሽ አልመጣም ማለት ነው። ስቴትመንቱ ላይ ኅዳር 19 ገብቶ ኅዳር 26 የወጣ 276,000 እያለ፣ እኛ ዘንድ ሁለቱም የሉም። ወሩ የተዘጋ ከሆነ ደግሞ ያቀረብነውን ሪፖርት ወደ ኋላ ሄደን ቀየርን ማለት ነው። የሆነውን እንደሆነ መጻፍ ይሻላል፤ ገብቷል፣ ተመልሷል።

ሰኔ 30 ሲያልፍ

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ለሚዘጋ ድርጅት አንድ ነገር ልጨምር። ሰኔ 27 ቀን ቼክ ባንክ ገባ እንበል። ሐምሌ 4 ቀን ተመለሰ። የትኛው ዓመት ነው? ብዙ ሰው የተመለሰበትን ቀን አይቶ ሐምሌ ላይ ይመዘግበዋል። የሒሳብ መግለጫው ገና ካልጸደቀ ግን ሰኔ 30 ላይ መስተካከል አለበት የሚል አቋም አለኝ። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 847 በኩል የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃም የሚመራው ወደዚህ ነው። ከዓመቱ መዝጊያ በኋላ የመጣ መረጃ በመዝጊያው ቀን የነበረን ሁኔታ የሚያሳይ ከሆነ መግለጫው ይስተካከላል። ደንበኛው ሰኔ 30ም ገንዘብ አልነበረውም። ሐምሌ 4 ያወቅነው ያንን ነው። ስለዚህ የሰኔ 30 ባንክ ይቀንስ፣ ተሰብሳቢው ይጨምር። ዕዳው አጠራጣሪ ከሆነም መጠባበቂያው በዚያው ዓመት ይያዝ።

ገንዘቡ ሲመጣ

ኮንትራክተሩ "ድጋሚ አስገቢው" ማለቱን አልረሳሁም። ይቻላል። እኔ ግን ሁለተኛ ጊዜ ሲገባ ወዲያው ባንክ ዴቢት መደረጉን አልወደውም። አንዴ የተመለሰ ቼክ ሁለተኛ ጊዜም ሊመለስ ይችላል፤ ገብቷል፣ ተመልሷል፣ ገብቷል እያልን ሌጀሩን እናጨናንቃለን። ባንኩ ገንዘቡ መግባቱን ሲያረጋግጥ ብቻ ይመዝገብ። እስከዚያ ዕዳው ተሰብሳቢ ላይ ይቀመጥ።

ቼኩ የተመለሰበትን ምክንያትም አንብቡት። ፊርማ አልተመሳሰለም ወይም በፊደልና በአኃዝ የተጻፈው ገንዘብ ተለያይቷል ከተባለ ምዝገባው ያው ነው፤ ደንበኛው ግን አዲስ ቼክ ጽፎ በማግስቱ ሊፈታው ይችላል። በቂ ስንቅ የለም ከተባለ ግን ስለዕዳው መሰብሰብ ያለን ግምት መቀየር አለበት። በዱቤ ሌላ ዕቃ ለመስጠትም ማሰብ ያስፈልጋል።

ጋሼ ኮንትራክተሩን ቢሮ ጠሩትና በሁለት ጊዜ ለመክፈል ተስማሙ፤ በሲፒኦ። ታኅሣሥ 10 ቀን 150,000 መጣ።

ዴቢት፦ ባንክ 150,000
ክሬዲት፦ ተሰብሳቢ ሂሳብ 150,000

ካሸሯ ደረሰኝ ልትቆርጥ ወደ ካሽ ሬጅስተር ማሽኑ ስትሄድ አስቆምኳት። የሽያጭ ደረሰኙ ኅዳር 5 ቀን ተቆርጧል። አሁን በማሽኑ ሌላ ሽያጭ ቢወጣ ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ቫት ሊከፈል ነው። የሚሰጠው የገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ነው፤ ላዩ ላይም ለተመለሰው ቼክ ምትክ ከፊል ክፍያ መሆኑ፣ የቼኩና የሽያጭ ደረሰኙ ቁጥር ይጻፋል።

ኮንትራክተሩ 150,000ውን ከሰጠ በኋላ ዋናውን ቼክ እንዲመልሱለት ጠየቀ። ጋሼ ፊታቸው ላይ ይሉኝታ አየሁ። አልሰጡትም። ዋናው ቼክና የባንኩ መመለሻ ወረቀት ፖሊስ ጋም ሆነ ፍርድ ቤት የሚቀርቡ ማስረጃዎች ናቸው። ፋይል ውስጥ የሚገባው ኮፒው ነው፤ ዋናው ካዝና ውስጥ ይቆለፋል። ታኅሣሥ 24 ቀን ቀሪው 126,000 መጣ። ሲፒኦው ባንክ ገብቶ ገንዘቡ ሂሳባችን ላይ መታየቱን አረጋገጥን። የኮንትራክተሩ ሌጀር ዜሮ ሆነ። ያኔ ካሸሯ ዋናውን ቼክ ከካዝናው አወጣች፣ ኮፒው ላይ "ዋናውን ተረክቤአለሁ" ብሎ አስፈረመችውና ሰጠችው።